«ወተት አይስማማኝም» ሲባል የትኛው ነው? ስኳሩ ወይስ ፕሮቲኑ?

«ወተት አይስማማኝም» የሚለውን አነጋገር በየቤቱና በየመመገቢያ አዳራሹ፣ እዚህ ጳውሎስ አካባቢ ባሉት ቡና ቤቶችም ሳይቀር ዘወትር እንሰማዋለን። አንዱ ይህን የሚለው ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ስለሚነፋበት ነው። ሌላዋ እናት ደግሞ ይህንኑ ቃል የምትናገረው ልጇ ወተት በቀመሰ ቁጥር ከንፈሩ ስለሚያብጥ ነው። ቃሉ አንድ ይሁን እንጂ ችግሩ ሁለት ነው፤ መነሻውም፣ አደጋውም፣ መፍትሔውም የተለያየ ነው።

ልዩነቱን አለማወቅ የሚያስከትለው ጉዳት ከጎረቤት ምክር ይጀምራል። ሆዱ የሚነፋበትን ሰው «ወተቱን ተወውና አይብ ብላ» ብንለው በእርግጥም ይሻለዋል። ያንኑ ምክር ከንፈሩ ለሚያብጠው ሕፃን እናት ብንሰጥ ግን ልጁን ለሞት ልናደርሰው እንችላለን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ለምን እንደሆነ ማስረዳት ነው።

1. የሁለቱ ችግሮች ምንጭ

በወተት ውስጥ ከውሃውና ከቅባቱ ሌላ ለዛሬው ትምህርታችን የሚያስፈልጉን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር ነው። በአንድ ብርጭቆ የላም ወተት፣ ማለትም በ250 ሚሊ ሊትር ውስጥ፣ 12 ግራም ያህል ይገኛል። ሁለተኛው ፕሮቲኑ ነው። ከፕሮቲኑ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ካሴይን ሲሆን፣ ወተት ሲረጋና ሲሞቅ የሚጓጉለው ነጩ ክፍል እሱ ነው። የቀረው ፕሮቲን በአጓቱ ውስጥ ይገኛል።

ላክቶስ እንዳለ ወደ ደም አይገባም። በመጀመሪያ በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ለሁለት ይከፍለዋል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ኢንዛይም አለው። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን በብዙ ሰዎች ዘንድ ኢንዛይሙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ያን ጊዜ ያልተከፈለው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ከዚህም ጋዝ ይወጣል። ስኳሩ ውሃም ይስባል። ሆድ ጉር ጉር የሚለው፣ የሚነፋው፣ የሚቆርጠው፣ አልፎም የሚያስቀምጠው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ የላክቶስ አለመፈጨት ይባላል። ያስጨንቃል፣ ያሳፍራል፤ ነገር ግን አይገድልም።

የወተት አለርጂ ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም። እዚህ ላይ የሚሳሳተው የሰውነት መከላከያ ኃይል ነው። የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሣበታል። ስለዚህ ምልክቱ በሆድ ብቻ አይወሰንም። ቆዳው ሳማ እንደነካው ሰው ያብጣል፣ ያሳክካል፤ ከንፈርና ዓይን ያብጣሉ፤ ያስመልሳል፤ ያስላል፣ ደረትም ሲር ሲር ይላል። ብዙውን ጊዜ ይህ የሚታየው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የሰዓታት ወይም የቀናት መዘግየት ያለው ዓይነትም አለ፤ ይህኛው በሕፃናት ላይ በትውከትና ደም በተቀላቀለበት ሰገራ ይገለጻል። የወተት አለርጂ በብዛት የሚጀምረው ገና በጨቅላነት ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሕፃናት እያደጉ ሲሄዱ ይተዋቸዋል። የላክቶሱ ችግር ግን በተቃራኒው ከዕድሜ ጋር እየጎላ የሚመጣ ነው።

መጠንም ይለያቸዋል። ላክቶስ የማይፈጭለት ሰው ማንኪያ ወተት ምንም አያደርገውም፤ ችግሩ የሚመጣው ሲበዛ ነው። አለርጂ ላለበት ሕፃን ግን የማንኪያው ጫፍ እንኳ ሊበቃ ይችላል።

2. ይህ የባዕድ አገር ጉዳይ ነውን?

አይደለም። በዓለም ላይ ካሉት አዋቂዎች ከግማሽ የሚበልጡት ላክቶስን በሚገባ አይፈጩም፤ ስለዚህ የሚገርመው ሲፈጩት እንጂ ሳይፈጩት ሲቀሩ አይደለም። በአገራችንም ጉዳዩ በቅርብ ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ አንድ የዘረ መል ጥናት፣ ከ350 በላይ ኢትዮጵያውያን ላክቶስ ተሰጥቷቸው መፍጨት አለመፍጨታቸው ተመርምሯል። አውሮፓ ውስጥ ወተት ጠጪነትን ያስገኘው የዘረ መል ለውጥ አንድ ብቻ ሲሆን፣ በኢትዮጵያውያኑ ዘንድ ግን ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ የተለያዩ ለውጦች ጎን ለጎን ተገኝተዋል። በአንድ አገር፣ በአንድ የማዕድ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ለአንድ ብርጭቆ ወተት የተለያየ መልስ የሚሰጡት ለዚህ ነው። እህት ጠጥታ ደህና ስትሆን ወንድም ሆዱን ቢይዝ «አስመሳይ» ሊባል አይገባውም።

3. ወተቱን ከቅሉ እስከ ድስቱ እንከተለው

አሁን ወደ ራሳችን ጓዳ እንግባ። እናቶቻችን ወተትን የሚያዘጋጁበት መንገድ ስኳሩንና ፕሮቲኑን አንዱን ከሌላው የሚለይ ነው። የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ከተከተልን ሌላው ሁሉ ግልጽ ይሆናል።

ወተቱ ተቀምጦ ሲረጋ እርጎ ይሆናል። የሚያረጉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የእርጎ ጎምዛዛነት ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ስኳር እዚያው አለ። እርጎ ከወተት ይልቅ ለብዙ ሰው ሆድ የሚቀለው ስኳሩ በመጠኑ ስለቀነሰ፣ ወፍራም በመሆኑም ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወርድ ነው። ፕሮቲኑን በተመለከተ ግን እርጎ ያው ወተት ነው።

እርጎው ሲናጥ ቅቤው ይወጣል። ቅቤ ከሞላ ጎደል ቅባት ነው፤ ስኳሩም ፕሮቲኑም በጣም ጥቂት ነው። በኮረሪማና በኮሰረት ሲነጠር ደግሞ የቀረው የወተት ዝቃጭ ይወገዳል። ስለዚህ ላክቶስ የማይፈጭለት ሰው ቅቤ የገባበትን ወጥ ሳይሰጋ መብላት ይችላል። ለአለርጂው ግን «ተነጥሯል» ማለት ዋስትና አይሆንም፤ የፕሮቲን ርዝራዥ ሊቀር ይችላልና።

ቅቤው ከወጣ በኋላ የሚቀረው አሬራ ነው። «ቅባቱ ስለወጣ ቀላል ነው» ይባላል። ስሕተት ነው። የወጣው ቅባቱ ብቻ ነው፤ ስኳሩም ፕሮቲኑም አሬራው ውስጥ ናቸው።

አሬራው ለስላሳ እሳት ላይ ሲጣድ ካሴይኑ ተጓጉሎ አይብ ይሆናል፤ ውሃው አጓት ሆኖ ይጠልላል። ዋናው መለያያ እዚህ ላይ ነው። ላክቶስ በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ አይቡ ውስጥ ይከማቻል። በ100 ግራም አይብ ውስጥ 15 ግራም ያህል ፕሮቲን ሲኖር በ100 ግራም ወተት ውስጥ ያለው ግን ከ3 ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። እንግዲህ በደንብ የጠለለ አይብ ለላክቶሱ ሰው ከወተት ሁሉ የቀለለ፣ ለአለርጂው ሕፃን ግን ከወተትም የባሰ ነው። ያ ቅን የጎረቤት ምክር አደገኛ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ መንገድ ሌሎቹንም መመዘን ይቻላል። ወተትን ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ላክቶሱን አያጠፋውም፤ ለአለርጂውም መድኃኒት አይደለም። በሱቅ የሚሸጠው «ላክቶስ አልባ» ወተት ለላክቶሱ ሰው የተሠራ ነው፤ ፕሮቲኑ ግን ሙሉ ነው። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላም ወተት ፕሮቲን ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፣ የላም ወተት የሚያስቆጣው ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ በፍየሉም ይቆጣል። የግመል ወተት ፕሮቲን ይለያል፤ ቢሆንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ላክቶሱማ በሁሉም ዘንድ አለ።

4. አንድ ሰው ራሱን እንዴት ይፈትናል?

ይህ ክፍል ለአዋቂዎች ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ሆድ ብቻ ለሚታመማቸው። የቆዳ ማበጥ፣ የከንፈር እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ያየ ሰው በራሱ ላይ ምንም ዓይነት ሙከራ ማድረግ የለበትም።

በአገራችን ጾም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። ዐቢይ ጾምን 55 ቀን የጾመ ሰው ያን ያህል ጊዜ ወተት አልቀመሰም ማለት ነው። በጾሙ ወራት ሆዱ ሰላም ሆኖ በፍስኩ ቢታወክ ወተትን ሊጠረጥር ይችላል። በጾሙም ሆዱ ከተነፋ ግን ወተት ተጠያቂ አይደለም፤ ይልቅስ ሽሮውንና ባቄላውን እንይ፣ ወይም ሰገራ እንመርመር። ይሁን እንጂ የፋሲካ ዕለት የሚሆነው ማስረጃ አይሆንም። በዚያን ዕለት ዶሮው፣ ሥጋው፣ ቅቤውና ጠላው በአንድ ላይ ስለሚገቡ ጥፋተኛውን ማን ይለየዋል?

ስለዚህ ሙከራው በሥርዓት ይደረግ። አንዲት ሠልጣኝ እንውሰድ። ዕድሜዋ 20 ነው፤ ጠዋት በባዶ ሆዷ አንድ ብርጭቆ ወተት እየጠጣች ክፍል ትገባለች፤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሆዷ ጉር ጉር እያለ ትቸገራለች። ትኩሳት የላትም፣ ሰገራዋ ደም የለውም፣ አልከሳችም።

በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ወተት፣ እርጎ፣ አሬራ፣ አጓትና አይስክሬም ትተወች። ሌላ ምግቧን አልለወጠችም። ሕመሙ ከጥቂት ቀን በኋላ ለቀቃት። ቀጥሎ በሦስት የፍስክ ቀናት የፈላ ወተት ለክታ ጠጣች። የፈላ የተባለበት ምክንያት ጥሬ ወተት በተሕዋስያን የተነሣ ተቅማጥ ሊያመጣና ውጤቱን ሊያበላሽ ስለሚችል ነው።

ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ በባዶ ሆዷ 250 ሚሊ ሊትር ጠጣች። 2 ሰዓት ላይ ሆዷ ተነፋ፣ 3 ሰዓት ላይ አስቀመጣት። ሐሙስ 125 ሚሊ ሊትር ከዳቦ ጋር ወሰደች፤ እስከ ቀትር ምንም አልተሰማትም። ቅዳሜ 250 ሚሊ ሊትር ከቁርስ ጋር ጠጣች፤ ትንሽ ጋዝ ብቻ ሆነ።

ከዚህ ምን እንረዳለን? የሚያስቸግራት ወተቱ በመጠንና በአጠጣጥ ሲበዛባት ነው፤ ምልክቱም ከሆዷ አላለፈም። ይህ የላክቶስ አለመፈጨት ጠባይ ነው። እሷም ወተትን ጨርሳ መተው አላስፈለጋትም፤ ግማሽ ብርጭቆ ከምግብ ጋር ይበቃታል። እንዲያውም ብዙ ላክቶስ የማይፈጩ አዋቂዎች እስከ 12 ግራም፣ ማለትም አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ከምግብ ጋር ሲወስዱት ያለ ብዙ ችግር ይችሉታል።

የሙከራው ወሰንም መታወቅ አለበት። ጃርዲያን የመሰለ ጥገኛ ተሕዋስ ወይም ከባድ ተቅማጥ የትንሹን አንጀት ግድግዳ ስለሚጎዳ ላክቴዙን ለጊዜው ይቀንሰዋል። ያን ጊዜ ሰውዬው ወተት «አልስማማው» ይላል፤ ዋናው በሽታ ግን ሌላ ነው፤ ሲታከም ወተቱም ይመለስለታል። ስለዚህ ችግሩ በቅርቡ በድንገት የጀመረ ከሆነ፣ ወይም ክብደት መቀነስ፣ ትኩሳት፣ ደም፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ካለ፣ ብርጭቆ መለካቱ ቀርቶ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

5. ሕፃኑ ላይ ሲሆንስ?

አሁን ደግሞ ሌላ ሁኔታ እናስብ። አንድ ሠልጣኝ ለማስተማር ልምምድ መዋዕለ ሕፃናት ገብቷል። የአራት ዓመት ልጅ ከጓደኛው የምሳ ዕቃ አንድ ጉርሻ ጎመን በአይብ ይቀምሳል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ አፉ ዙሪያ ይቀላል፣ ከንፈሩ ያብጣል፣ ሰውነቱ ሳማ እንደለበለበው ይሆናል። ቀጥሎ ያስለዋል፣ ድምፁም ይጎረናል።

እንዲህ ባለ ጊዜ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ሊውል ይችላል። ይህ ጊዜ መግደል ነው። ቆዳው ብቻ ሳይሆን ትንፋሹ፣ ድምፁ ወይም ንቃቱ ከተነካ አለርጂው ሕይወት አስጊ ደረጃ ደርሷል። መድኃኒቱ በጭን ጡንቻ የሚወጋ አድሬናሊን ነው። ሐኪም ለቤተሰቡ አዝዞላቸው ከሆነና መርፌው ካለ ወዲያው ይሰጥ። ከሌለ ሳይዘገይ ወደ ቅርቡ ሕክምና ተቋም ይወሰድ። የማሳከክ ኪኒን የአድሬናሊንን ቦታ አይተካም። ልጁ ካደከመውና ከገረጣ በጀርባው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይበል፤ ትንፋሽ ካጠረው ግን ተደግፎ ይቀመጥ። እንዲሮጥና እንዲራመድ አይደረግ። የሚጠጣ ነገርም አይሰጠው። ቢሻለው እንኳ ምልክቱ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ሐኪም ሳያየው ወደ ቤት አይላክ።

እኛ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ጎረቤቶች ስለሆንን መንገዱ አጭር ነው። ነገር ግን አንድ ሠልጣኝ ነገ የሚመደብበት ት/ቤት ከጤና ጣቢያ የሁለት ሰዓት መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መምህሩ ትምህርት ሲከፈት ወላጆችን «ልጅዎ የማይስማማው ምግብ አለ? ሲበላ ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል። «ሆዱ ይነፋል» የሚለውና «ፊቱ ያብጣል» የሚለው መልስ በመዝገቡ ላይ ለየብቻ መጻፍ አለባቸው።

6. በየዕለቱ ገበታ

ላክቶስ የማይፈጭለት ሰው ገበታውን ብዙ መለወጥ አያስፈልገውም። ቅቤ ያለበት ወጥ፣ የጠለለ አይብ ከጎመን ወይም ከክትፎ ጋር ይብላ። ማኪያቶውንም ከዳቦ ጋር ካደረገው ወተቱ ትንሽ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። እርጎውን በትንሽ ሳህን ከምግብ ጋር ይውሰድ። ከረጅም ጾም በኋላ ደግሞ በአንድ ጊዜ ሙሉ ብርጭቆ አይገልብጥ። በትልቁ አንጀት ያሉት ባክቴሪያዎች በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ላክቶስ ሲደርሳቸው በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይለምዱታል፤ ጋዙም ይቀንሳል። ላክቴዙ ተመልሶ አይመጣም፤ የለመዱት ባክቴሪያዎቹ ናቸው።

አለርጂ ላለበት ልጅ ግን ትእዛዙ ጥብቅ ነው። ወተት፣ እርጎ፣ አሬራ፣ አይብ፣ አጓት፣ ቅቤ ይቅሩ። የተደበቀም አለ፤ ቅቤ የገባበት ገንፎ፣ ወተት ያለበት ኬክና ብስኩት፣ በወተት የተሠራ አጥሚት። የታሸገ ምግብ ሲገዛ ጽሑፉ ይነበብ። የጾም ምግብ ለዚህ ልጅ ትልቅ ረዳት ነው። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ በዘይት የተሠራ ነውና። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። የፍስኩን ወጥ ያማሰለው ጭልፋ በጾሙ ድስት ውስጥ ከገባ ምግቡ ለጿሚው ብቻ ሳይሆን ለልጁም ፈርሷል። የልጁ ማንኪያና ሳህን ለብቻው ይሁን።

ጡት የሚጠባ ሕፃን ጡት መጥባቱን ይቀጥል፤ እናቲቱ ወተት መተው ይገባት እንደሆነ ሐኪም ይወስናል። ወተት በተወ ልጅ ምትክ ምን እንደሚበላም ከባለሙያ ጋር ይታቀድ። እንቁላል፣ ሥጋ፣ ጥራጥሬ ፕሮቲኑን ሊተኩ ይችላሉ፤ ጤፍና ጎመን ካልሲየም አላቸው፤ ሆኖም የትንሽ ልጅ ሆድ ጠባብ ስለሆነ በግምት የሚተው ነገር አይደለም። አለርጂው ለቆት እንደሆነ የሚፈተነውም ሐኪም ባለበት እንጂ በጓዳ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. አንድ ተማሪ አሬራ ሲጠጣ ሆዱ ይነፋል፤ አይብ ሲበላ ግን ደህና ነው። ችግሩ የትኛው ይመስላችኋል? ለምን?

ለ. አንዲት እናት «ልጄ የላም ወተት ሲያሳብጠው ወደ ፍየል ወተት ለውጬለታለሁ» ብትላችሁ ምን ትመልሱላታላችሁ?

ሐ. «ቅቤው ተነጥሯል» የሚለው መልስ ለየትኛው ሰው ይበቃል? ለየትኛውስ አይበቃም?